ካስተርድ በስንት ዲግሪ ይረጋል? መልሱ ያለው በውህዱ ነው

ከተመታ ዕንቁላል፣ ከወተትና ከስኳር የሚሠራው ካስተርድ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይረጋል ሲባል፣ ቁጥሩ የዕንቁላሉ የራሱ ጠባይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ምንም ሳይጨመርበት የተመታ ዕንቁላል 70 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይጠጥራል። የ10 ዲግሪው ልዩነት የመጣው ከተጨመሩት ነገሮች ነው። ስለዚህ የመርጊያው ሙቀት የውህዱ እንጂ የዕንቁላሉ ብቻ አይደለም። መርጋትና መቆራረጥም የአንድ ሂደት ሁለት ደረጃዎች ናቸው።

በጥሬ ዕንቁላል ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮቲን እንደ ክር ኳስ ተጠቅልሎ ለብቻው ይንሳፈፋል። ሙቀት ይፈታዋል፤ የተፈቱት ክሮችም እርስ በርስ ተያይዘው ውሃውን በየቀዳዳው የሚይዝ መረብ ይሠራሉ። ካስተርድ ረጋ የምንለው ያኔ ነው። ሙቀቱ ከቀጠለ ግን መያያዙ አይቆምም። መረቡ እየጠበበ የያዘውን ውሃ ይጨምቃል፤ ከ85 ዲግሪ አልፎ ሲሄድም ፍርፍር ያለ ጓጓላና አጓት የመሰለ ፈሳሽ ይለያያሉ። የጠበቀው መረብ በማቀዝቀዝ ስለማይላላ የተቆራረጠ ካስተርድ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ለክሬም ካራሜል 3 ዕንቁላል፣ ግማሽ ሊትር ወተትና 100 ግራም ስኳር እንውሰድ። ወተቱ ከዕንቁላሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚሆን ፕሮቲኖቹ ይራራቃሉ፤ ተገናኝተው መረብ ለመሥራትም ተጨማሪ ሙቀት ይሻሉ። ስኳሩ ደግሞ ፕሮቲኑ እንደተጠቀለለ እንዲቆይ ስለሚረዳው መፈታቱን ያዘገያል። ወተት ግን ማቅጠኛ ብቻ አይደለም። በእሱ ፋንታ ውሃ ቢጨመር ዕንቁላሉ በፈሳሽ ውስጥ ተበታትኖ ይቀራል እንጂ ወጥ ሆኖ አይረጋም፤ ቁንጥር ጨው ሲታከልበት ግን ይረጋል። ፕሮቲኖቹ በተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል እየተገፋፉ ሲራራቁ የሚያቀራርባቸው ማዕድን ነው፤ ወተት ካልሲየምንና ሌሎች ማዕድናትን ይዞ ይመጣል።

ስኳር የመርጊያውን ሙቀት ከፍ ካደረገ፣ ስኳር መጨመር ከመቆራረጥ ያድናል የሚል ሐሳብ ይነሳ ይሆናል። ያዘገየዋል፤ ነገር ግን መረቡንም ስለሚያላላ ካስተርዱ ቅርጹን መያዝ ይሳነዋል። ለኬክ መሙያ የሚሆነው ክሬም እየፈላም አይቆራረጥም የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ይህ ክሬም ግን ዱቄት ወይም የበቆሎ ስታርች አለበት፤ ስታርቹ በፕሮቲኖቹ መካከል ገብቶ ተጠባብቀው እንዳይጓጉሉ ያግዳቸዋል። ተቃውሞው ራሱ ወሳኙ ውህዱ መሆኑን ይመሰክራል።

አንድ ውህድ እንኳ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለውም። ቀስ ተብሎ ሲሞቅ ዝቅ ባለ ሙቀት ይረጋል፤ በጥድፊያ ሲሞቅ የመርጊያውና የመቆራረጫው ነጥብ ይቀራረባሉ። ክሬም ካራሜል ሙቅ ውሃ ባለበት መጥበሻ ተቀምጦ በምድጃ የሚበስለው ለዚህ ነው። ዳሩ ረግቶ መሃሉ ገና ሲንቀጠቀጥ መውጣት አለበት፤ በውስጡ የቀረው ሙቀት የቀረውን ያረጋዋል።