ሞልቷል፤ ግን አልጋ አለ

በዓል ሲደርስ ክፍለ ሀገር ሄዳችሁ ሆቴል ለሆቴል ዞራችሁ ታውቃላችሁ? እኛ እናውቃለን። «አልጋ ሞልቷል» ከተባለ ሞልቷል፤ ልመናም አያድን። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዴቪድ ሂልበርት ግን እ.ኤ.አ. በ1924/25 በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ለተማሪዎቹ የሌላ ዓይነት ሆቴል አወራላቸው። ክፍሎቹ 1፣ 2፣ 3 እያሉ ማለቂያ የላቸውም፤ ሁሉም ደግሞ ተይዘዋል።

ማታ አንድ እንግዳ ይመጣል። ክፍል 1 ያለው ወደ 2፣ 2 ያለው ወደ 3 ይዛወራል፤ ሁሉም እንዲሁ። የመጨረሻ የሚባል ክፍል ስለሌለ በረንዳ ላይ የሚያድር የለም፤ ክፍል 1 ግን ተለቋል። ማለቂያ የሌለው ሕዝብ ቢመጣስ? ነባሮቹ የክፍላቸው ቁጥር እጥፍ ወደሆነው ይሄዳሉ፤ 1፣ 3፣ 5 እና ሌሎቹ ጎዶሎዎች ለአዲሶቹ ይቀራሉ።

ሂልበርት ወጉን በጽሑፍ አላሳተመውም። ዓለም የሰማው የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ጋሞቭ በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ተራኪው ሁሉ የራሱን እንግዳ ሲጨምርበት ኖሯል። እኛ የምንወደው ይሄኛውን ነው፦ አውቶብሶቹ ራሳቸው ማለቂያ የላቸውም፤ እያንዳንዱም ማለቂያ የሌለው ሰው ጭኗል።

እንግዳ ተቀባዩ አይደነግጥም። ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ምንም የማያካፍላቸውን ብቸኛ ቁጥሮች ያወጣል። 2ን ለነባሮቹ፣ 3ን ለመጀመሪያው አውቶብስ፣ 5ን ለሁለተኛው፣ 7ን ለሦስተኛው ይሰጣል። እያንዳንዱ ሰው የተሰጠውን ቁጥር በወንበሩ ቁጥር ልክ ደጋግሞ ያባዛል፤ ነባሮቹ በክፍላቸው ቁጥር ልክ። ሦስተኛው አውቶብስ፣ ወንበር 2? 7 ሲባዛ በ7፣ ክፍል 49። የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች እንዲህ ሲባዙ አንድ ውጤት ላይ ስለማይገናኙ ሁለት ሰው አንድ አልጋ ላይ አይጋጭም። አስቂኙ ነገር፣ ክፍል 6፣ 10፣ 12ን የመሳሰሉት ባዶ ይቀራሉ። ሞልቶ የነበረው ሆቴል ይህን ሁሉ ሕዝብ አስተናግዶ አሁን አልጋ ተርፎታል!

ታዲያ የማይችለው እንግዳ የለም? አለ። የተሳፋሪዎቹ ስም ከሀ እና ከለ ብቻ የተሠራ፣ ማለቂያ የሌለው የፊደል ሰልፍ ነው እንበል፤ ሊኖር የሚችል ስም ሁሉ ተሳፍሯል። እንግዳ ተቀባዩ ሁሉንም አስገባሁ ብሎ መዝገቡን ይዘረጋል። እኛ ከክፍል 1 እንግዳ ስም አንደኛውን ፊደል፣ ከክፍል 2 ሁለተኛውን፣ ከክፍል 3 ሦስተኛውን እያየን ሀ ከሆነ ለ፣ ለ ከሆነ ሀ እንጽፋለን። የሚወጣው ስም ከእያንዳንዱ ክፍል እንግዳ ቢያንስ በአንድ ፊደል ይለያል። ባለቤቱ አውቶብሱ ውስጥ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ግን የለም። እሱን በአንደኛው ዘዴ ብናስገባው እንኳ በአዲሱ መዝገብ ያው ሥራ ሌላ የቀረ ሰው ያወጣል።

ይህን ማስረጃ ጆርጅ ካንቶር ያሳተመው በ1891 ነው። ሆቴሉ ገና ሳይከፈት፣ የማይችለው አውቶብስ ደርሶ 33 ዓመት ቆሞ ነበር።