በዶላር የተጻፈ በጀት በብር ሲወጣ፦ የምንዛሪ ለውጥን መመዝገብ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ወሰነ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የተፈቀደላቸውን ገንዘብ በብር የሚያወጡ ማኅበራትና የእርዳታ ድርጅቶች ያን ጊዜ የገጠማቸው ጥያቄ፣ ወጪውን በየትኛው ተመን እንመዝግብ? የሚል ነበር።

ለምሳሌ ያህል፣ 60,000 ዶላር የተፈቀደለት አንድ ፕሮጀክት በጀቱን ያዘጋጀው በ57 ብር ሒሳብ ነው እንበል። የመጀመሪያው 30,000 ዶላር በ57 ተመንዝሮ 1,710,000 ብር ሆነ። ሁለተኛው 30,000 ዶላር የደረሰው ተመኑ 100 ብር ከሆነ በኋላ ነውና 3,000,000 ብር አስገኘ።

የሒሳብ ሠራተኛው የመጀመሪያውን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ካወጣ በኋላ፣ ወጪውን በሪፖርቱ ዕለት ተመን ማለትም በ100 ቢያካፍለው 17,100 ዶላር ብቻ ያገኛል። ሪፖርቱ 12,900 ዶላር እንደ ቀረ ያሳያል፤ የባንክ ሒሳቡ ግን ባዶ ነው። በሪፖርቱና በባንኩ ቀሪ ሒሳብ መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት ሲታይ፣ አስቀድሞ መመርመር ያለበት የተሠራበት ተመን ነው።

መፍትሔው ወጪውን ገንዘቡ በትክክል በተመነዘረበት ተመን መመለስ ሲሆን፣ ማስረጃውም የባንኩ የምንዛሪ ሰነድ ነው። ይህ በሁለት መንገድ ይሠራል። በአንደኛው፣ ቀድሞ የገባው ገንዘብ ቀድሞ እንደ ወጣ ይቆጠራል፤ 1,710,000 ብር እስኪያልቅ ድረስ በ57፣ ከዚያ በኋላ ያለው በ100 ይካፈላል። በሌላኛው፣ ጠቅላላው 4,710,000 ብር ለ60,000 ዶላር ተካፍሎ 78.50 ብር አማካይ ተመን ይገኛል። የትኛው እንደሚፈቀድ የሚወስነው የእርዳታ ስምምነቱ ነው። የተመረጠው መንገድ በፕሮጀክቱ መካከል ከተቀየረ ግን ያለፉት ሪፖርቶች ከአዲሶቹ ጋር አይገጥሙም።

ትክክለኛ ተመን መጠቀም ብቻውን የበጀት ቁጥጥርን አይተካም። ለሥልጠና 10,000 ዶላር ተይዞ ነበር፤ በ57 ሒሳብ 570,000 ብር ማለት ነው። በፍጻሜው 706,500 ብር ወጣ። በአማካዩ ተመን ይህ 9,000 ዶላር ስለሆነ በዶላር ሲታይ 1,000 የተረፈ ይመስላል። በብር ግን ሥልጠናው ከታቀደው 136,500 ብር በላይ ፈጅቷል። ምክንያቱ የአዳራሽና የትራንስፖርት ዋጋ መናር ይሁን ወይም የተሳታፊዎች መብዛት፣ የዶላሩ ሪፖርት ብቻውን አይናገርም። ስለዚህ እያንዳንዱ የወጪ ርዕስ በሁለቱም ገንዘቦች ጎን ለጎን ሊነጻጸር ይገባል።

ከምንዛሪ ለውጥ የተገኘው ተጨማሪ ብርም የለጋሹ ገንዘብ አካል ነው። በተለየ መስመር ተመዝግቦ፣ ለአዲስ ሥራ ከመዋሉ በፊት የለጋሹን የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ያሻል።