ከመቶ ብር ሃምሳ ስምንት

ስሙኝማ። ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ጀዊ የሚባል የስደተኞች መጠለያ አለ። በ2006 ዓ.ም. ክረምት የሌይቹዎር መጠለያ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ፣ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡት ሰዎች እንዲዛወሩበት በ2007 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። እዚያ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ደመወዝ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ በፕሮጀክት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ድርጅት ነው። ገንዘቡ ዓመት ተቆርጦለት ይመጣል፤ ውሉም እንደዚያው።

የምተርክላችሁ ስለ አንዲት ነርስ ነው። ከአንድ ሰው ሳይሆን ከብዙ ሰው ገጠመኝ አሰባስቤ ያቆምኳት ናትና ስም አልሰጣትም። በጋምቤላ ከተማ በግል ክሊኒክ በወር 11,000 ብር ትሠራለች። አንድ ቀን ከእንዲህ ካለ ድርጅት የቅጥር ደብዳቤ ደረሳት፦ ቦታው ጀዊ፣ ደመወዙ 18,000 ብር፣ የዓመት ፈቃዱ 16 የሥራ ቀን፣ ሥራ መጀመሪያው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መልስ እስከ ዓርብ።

ደስታዋን ለብቻዋ ይዛ መጀመሪያ ያደረገችው ወረቀትና እስክሪብቶ ማንሳት ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. የግብር ማሻሻያ ወዲህ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም፤ ከዚያ በላይ ያለው በየክፍሉ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ሄዶ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። በዚህ ስሌት ከ18,000 ብሩ 4,250 ለግብር፣ 7 በመቶው ማለትም 1,260 ብር ደግሞ ለጡረታ ይቆረጣል። እጇ የሚገባው 12,490 ብር ነው። በክሊኒኩ የሚደርሳት 8,280 ስለሆነ፣ በደብዳቤ ላይ ሰባት ሺህ የሚመስለው ልዩነት ኪሷ ሲገባ 4,210 ሆነ።

ከ14,000 በላይ የሚጨመር እያንዳንዱ መቶ ብር 35ቱ ለግብር፣ 7ቱ ለጡረታ ሄዶ የሚተርፈው 58 ብር ነው። 3,000 ብር ይጨመርልኝ ብላ ብትሟገትና ብታሸንፍ ቤቷ የሚገባው 1,740 ብር ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ጉልበቷን ሁሉ በደመወዙ ላይ ሳትጨርስ ሌሎቹንም ጉዳዮች አብራ ያነሳችው። ብልህነት ነው እላለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ከድርጅቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ቢሮ ገባች።

«ስለ ዕድሉ አመሰግናለሁ፤ ሥራውን እፈልገዋለሁ» አለች። «ከመፈረሜ በፊት ግን አራት ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂ እህቴ። ደመወዙ ግን በስኬል የተቆረጠ ነው፤ ከዚያ መውጣት አልችልም።»

ይህን መልስ ሰምቶ ተስፋ ቆርጦ የሚወጣ ብዙ ነው። ስኬል ግን ደረጃና እርከን አለው። ደረጃው በሥራው መደብ የተወሰነ ነው፤ እርከኑ በልምድ ይለያያል። ነርሷ «ስኬሉን ይለውጡልኝ» አላለችም። «በየትኛው እርከን ነው የመደባችሁኝ?» ብላ ጠየቀች። በመነሻው ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ከክሊኒኩ በፊት በሌላ ከተማ የሠራችባቸው ሦስት ዓመታት አልተቆጠሩላትም። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ግብር መከፈሉን ስለማይገልጽ ወደ ጎን ተትቶ ነበር። በግል ድርጅት የሠራ ሰው ይህ ነገር ደጋግሞ ይገጥመዋል። በሁለት ቀን ውስጥ የተስተካከለውን ደብዳቤ አስልካ አቀረበች፤ እርከኗ ከፍ ብሎ ደመወዙ 19,200 ሆነ። 696 ብር የተጣራ ጭማሪ ነው። ኃላፊዋም መመሪያዋን ሳትጥስ የሰጠችው ስለሆነ ማንም ቅር አላለውም።

ቀጥሎ ፈቃዱ። በአዋጅ 1156/2011 የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። 20 ቀን ለመድረስ በሕጉ መንገድ ዘጠኝ ዓመት ይፈጃል፤ የአንድ ዓመት ውል የያዘ ሠራተኛ ደግሞ ውሉ ካልታደሰለት መቼም አይደርስበትም። ሕጉ ግን ወለሉን ነው ያስቀመጠው፣ ከዚያ በላይ መስማማት አይከለክልም። እሷም «ቤተሰቤ ጎሬ ነው፤ ስሄድ የመንገዱ ቀን ከፈቃዴ ይበላል» ብላ 20 ጠየቀች። 18 ተፈቀደላት። ተቀበለች።

የሥራ መጀመሪያው ቀን ላይ ግን አልተለሳለሰችም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ሳይሰጥ ቢሄድ እስከ 30 ቀን ደመወዙ በካሳ መልክ ከቀሪ ክፍያው ሊያዝበት ይችላል። ለእሷ እስከ 11,000 ብር ማለት ነው። «የምለቀው ክሊኒክ ታካሚ አለበት። እዚህም ስለቅ እንዲሁ አደርጋለሁ» አለች። ኃላፊዋ ፈገግ ብላ ቀኑን ወደ 35 ቀን ገፋችው።

የሥልጠናው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ወሰደ። ነርሷ በከፋ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ስለማከም መሠልጠን ትፈልጋለች፤ ድርጅቱም ለሥልጠና የተለየ በጀት ነበረው። የደመወዝ በጀት የተዘጋበት ድርጅት በሥልጠና በኩል እጁ ሊፈታ ይችላል፤ ስለዚህ ቶሎ እሺ ተባለች። ረቂቁ ሲመጣ ግን «ሠልጣኟ ከሥልጠናው በኋላ ሁለት ዓመት ታገለግላለች፤ ካልሆነ ሙሉ ወጪውን ትመልሳለች» ይላል። ውሏ አንድ ዓመት ነው! ፕሮጀክቱ ቢዘጋ፣ ድርጅቱ ራሱ አሰናብቷት የሥልጠናውን ዕዳ እሷ ልትሸከም ነው።

ኃላፊዋ ቀና ሰው ናት፤ አንቀጹ ከድሮ ቅጽ የተገለበጠ መሆኑን ስትረዳ ለማረም አልተከራከረችም። ግዴታው ከውሉ ዘመን እንዳይበልጥ፣ ላገለገለችበት ወር ልክ ዕዳው እየቀነሰ እንዲሄድ፣ ውሉ በፕሮጀክት መዘጋት ምክንያት ቢቋረጥ ደግሞ ምንም እንዳትከፍል ተጻፈ።

ወዲያው አልፈረመችም። እስከዚህ ድረስ የተስማሙበት ሁሉ በውሉ ላይ መግባቱን እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የፈቃዱ ቁጥር አሁንም 16 ነበር። አሳረመችና ፈረመች። ለክሊኒኩ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ያስገባችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከፊርማ በፊት የለቀቀ ሰው ውሉ ቢቀርበት መመለሻ የለውም።

የክሊኒኩ ባለቤት ጠሯት። «ልጄ፣ 14,000 አደርግልሻለሁ፤ ቅሪ።»

«ዶክተር፣ አክብሮትዎ ይገባኛል። ግን ፈርሜያለሁ» አለች። ብሩን በልቧ አስልታዋለች፦ የተጣራው 10,170 ነው። ደግሞ ጭማሪው የመጣው ልትሄድ ስትል ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ጭማሪ እንደገና እለቃለሁ ብላ ማስፈራራት ሊኖርባት ነው።

አዲሱ ሥራም አደጋ የለውም አልላችሁም። የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ብቁ አይደለሽም ተብላ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበት ትችላለች። ይህን ማስቀረት አልቻለችም፤ አልሞከረችምም።

እናንተም የቅጥር ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የሥልጠናውን አንቀጽ ከደመወዙ ቀድማችሁ አንብቡት። ደመወዙ ቢያንስ በየወሩ ይታያችኋል፤ ያ አንቀጽ ግን የሚታየው በምትለቁበት ቀን ነው።