ለአንድ ክፍል ግድግዳ ስንት ብሎኬት፣ ስንት ሲሚንቶ፣ ስንት አሸዋ ይበቃል?

አገር ቤት ካለው የቤተሰብ ቤት ጋር አንድ ክፍል ለማስቀጠል ብር የምትልኩ እህቶች፣ ግንበኛው የሚላችሁን ቁጥር እዚህ ሆናችሁ ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። እዚያ ሜትር የሚይዝ አንድ ሰው፣ እዚህ ደግሞ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

እኔ ሂሳቡን ያየሁት እዚሁ ማስካት፣ ማቤላ ነው። አሰሪዎቼ ከቤታቸው ጎን አንድ ክፍል ሲያስቀጥሉ (ሙልሃቅ ይሉታል) ለሠራተኞቹ ሻይ የማወጣው እኔ ነበርኩ። አለቃቸው ብሎኬቱን፣ ማለትም ጣቡቁን፣ ከማዘዙ በፊት ግድግዳውን ለካ፣ በርና መስኮቱን ቀነሰ፣ ከዚያ አባዛ። በዚያው ሰሞን ወንድሜ ከኮምቦልቻ ደውሎ «ለእማዬ ክፍል ግድግዳ 12 ኩንታል ሲሚንቶ ያስፈልጋል ተባለ» አለኝ። ልልክለት ነበር። ግን መጀመሪያ እስኪ እኔም ላስላው ብዬ ቁጭ አልኩ።

የእኛ ክፍል እንዲህ ነው። አራተኛው ግድግዳ የነባሩ ቤት ግድግዳ ስለሆነ የሚገነባው ሦስት ብቻ ነው። የፊቱ ከውጭ ወደ ውጭ 4 ሜትር ነው። ሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ከነባሩ ቤት እስከ ፊተኛው ግድግዳ የውስጥ ገጽ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር ናቸው። አንዱን ከውጭ፣ ሌላውን ከውስጥ የምንለካው ማዕዘኑን ሁለት ጊዜ እንዳንቆጥረው ነው።

ቁመቱ ላይ ተጠንቀቁ። ተቀጥላ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው ከነባሩ ቤት ወደ ውጭ ያዘቀዝቃል። የእኛ በቤቱ በኩል 3 ሜትር፣ በፊት በኩል 2.60 ነው። ስለዚህ የጎን ግድግዳው ቁመት የሁለቱ አማካይ 2.80 ይሆናል። ሁሉንም በ3 ሜትር ካሰባችሁት ለሌለ ግድግዳ ትከፍላላችሁ።

የፊቱ 4 × 2.60 = 10.40 ካሬ። የጎኖቹ 3 × 2.80 = 8.40፣ ሁለቱ 16.80። ድምር 27.20 ካሬ። በሩ 0.90 × 2.10 ስለሆነ 1.89፣ መስኮቱ 1.20 × 1.20 ስለሆነ 1.44 ካሬ ይቀነሳል። የሚገነባው 23.87 ነው፣ 24 ካሬ በሉት።

አሁን ብሎኬቱ። የተለመደው ብሎኬት ፊቱ 40 በ20 ሳንቲም ነው፤ በአንድ ካሬ 12 ተኩል ይገባል። የሚሰበረውንና የሚቆረጠውን አስባችሁ በ13 አባዙ። 24 × 13 = 312 ብሎኬት። ውፍረቱ 15 ሆነ 20 ሳንቲም ቁጥሩ አይለወጥም፣ ምክንያቱም ፊቱ ያው ነው። «ባለ 20 ስለሆነ ብዙ ይፈልጋል» ቢሏችሁ የሚጨምረው የአንዱ ዋጋ እንጂ ብዛቱ አይደለም።

ሲሚንቶው ሁለት ቦታ ይሄዳል፤ አንዱ ብሎኬቱን ለማያያዝ፣ ሌላው ለልስን። ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አራት እጅ አሸዋ ነው እንበል። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 50 በ40 ሳንቲም ስፋትና 18 ሳንቲም ከፍታ ያለው ሳጥን ያህል ይሞላል። ስለዚህ ለአንድ ከረጢት አራት ሳጥን አሸዋ ማለት ነው። ይህ ድብልቅ፣ የሚፈሰውንም ጨምሮ፣ ባለ 20 ብሎኬት ግድግዳ 6 ካሬ ገደማ ያስገነባል። 24 ለ6 ሲካፈል 4 ከረጢት።

ልስኑ ነው ሰው የሚረሳው። 2 ሳንቲም ውፍረት ያለው ልስን በአንድ ከረጢት እንደገና 6 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፤ ግን ግድግዳው የውስጥና የውጭ ፊት ስላለው 24ቱ ካሬ 48 ይሆናል። 48 ለ6፣ 8 ከረጢት። ልስኑ ከግንባታው እጥፍ ሲሚንቶ ይበላል ማለት ነው። ውጩን ለጊዜው ሳትለስኑ ብትተዉት 4 ከረጢት ይቀንስላችኋል። ግንበኛው አንድ ለሦስት አቡክቼ ነው የምሠራው ካለ ደግሞ አንዱ ከረጢት 5 ካሬ ያህል ብቻ ስለሚሠራ 15 ከረጢት ይደርሳል፤ እሱ ማጭበርበር አይደለም።

በእኛ ሂሳብ ድምሩ 12 ከረጢት ወጣ። ወንድሜ ያለው ግን 12 ኩንታል ነው! አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ ሁለት ከረጢት ነው። ደውዬ «ግንበኛውን በከረጢት ነው በኩንታል ብለህ ጠይቀው» አልኩት። ግንበኛውም ከረጢት ማለቱ ነበር፤ ወንድሜ ነው ኩንታል ብሎ የሰማው። ስድስት ኩንታል ልቀን ልንገዛ ነበር ማለት ነው። አገር ቤት ዋጋው በኩንታል፣ ሥራው በከረጢት ስለሚወራ ሁሌም «ስንት ባለ 50 ኪሎ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሸዋው 12 ከረጢት ሲባዛ በ4 ሳጥን፣ 48 ሳጥን ነው። አንዱ ሳጥን 0.036 ሜትር ኩብ ስለሆነ 1.7 ገደማ ይመጣል። ሲነፋ የሚወጣውንና መሬት ላይ የሚቀረውን ሩብ ያህል ጨምሩበት፤ 2.2 ሜትር ኩብ በቂ ነው። ለዚህ ሲኖትራክ ሙሉ አሸዋ አያስፈልግም። መኪናው ሲመጣ ሳይገለበጥ የአሸዋውን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ አስለክታችሁ አባዙ። መሀሉ ላይ የተከመረው እንዳያታልላችሁ አስቀድሞ ይደልደል። ጥራቱን ለማወቅ በጠርሙስ አሸዋና ውሃ በጥብጦ ማሳደር ነው። ከላይ የሚረጋው ጭቃ ከአሸዋው ከፍታ ከ6 በመቶ ካለፈ (10 ሳንቲም አሸዋ ላይ 6 ሚሊ ሜትር) አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ በቪዲዮ የሚታይ አንድ ነገር አለ። በብሎኬቶቹ መካከል ያለው ድብልቅ 1 ሳንቲም ገደማ መሆን አለበት። አምስት ረድፍ ላይ ሜትር አስይዙ። 1 ሜትር ከ5 ሳንቲም አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። 1 ሜትር ከ10 ከደረሰ ድብልቁ 2 ሳንቲም ወፍሯል፤ ለማያያዣ የሚሄደው ሲሚንቶ እጥፍ ሊሆን ነው። ብሎኬቱ የተጣመመ ወይም ጠርዙ የተበላ ሲሆንም ግንበኛው ለማስተካከል ብሎ ድብልቁን ያወፍረዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ብሎኬቱን እዩ።

ይህ ሁሉ የግድግዳው ብቻ ነው። መሠረቱ፣ ወለሉ፣ ኮለኑና ከበር፣ ከመስኮትና ከግድግዳ በላይ የሚሞላው ኮንክሪት የራሱ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ብረት አለው። ቁጥሩ ከበዛባችሁ «ይሄ የግድግዳው ነው ወይስ ኮንክሪቱም አለበት?» ብላችሁ ለይታችሁ አስጽፉት።

ብሩንም በአንዴ አትላኩ። መጀመሪያ የብሎኬቱን፣ የአሸዋውንና የ4 ከረጢቱን፤ የልስኑን 8 ከረጢት ጣሪያው ከተመታ በኋላ። ሲሚንቶ እርጥበት ካገኘው ይጓጉላል፤ ጓሉ በጣት ተጭነውት ካልፈረሰ ከረጢቱ ለግድግዳ አይሆንም። የተገዛውም ቢሆን ከመሬት ከፍ ብሎ እንጨት ላይ ይደርደር፣ ከግድግዳም ይራቅ።