የምክንያት ዑደት ሥዕል (በከተማ ውኃ እጥረት)

ነገሮች እርስ በርስ የሚያደርሱትን ተጽዕኖ በቀስት የሚያሳይ ሥዕል ነው። አብረው የሚጨምሩና የሚቀንሱ ነገሮች ቀስት «+»፣ በተቃራኒ የሚሄዱት «−» ይጻፍበታል። በዑደቱ ውስጥ ያሉት «−» ምልክቶች ብዛት ጎዶሎ ከሆነ ዑደቱ አመጣጣኝ፣ ተጋማሽ ከሆነ ወይም ምልክቶቹ ከሌሉ አባባሽ ነው።

እያደገች ያለች የደጋ ከተማን፣ ለምሳሌ የመንዟን መሐል ሜዳን፣ እናስብ፦

አመጣጣኝ፦ እጥረት →(+) ጉድጓድ ቁፋሮ →(+) አቅርቦት →(−) እጥረት።

አባባሽ፦ አቅርቦት →(+) ነዋሪ →(+) ፍላጎት →(+) እጥረት →(+) ቁፋሮ →(+) አቅርቦት።

ቁፋሮ ጊዜ ስለሚወስድ ከቁፋሮ ወደ አቅርቦት በሚሄደው ቀስት ላይ ሁለት አጫጭር መስመሮች ይሠመራሉ። ውኃው እስኪደርስ ነዋሪው ከጨመረ፣ አዲሱ ጉድጓድ ሥራ በጀመረ ማግስትም የውኃ ፈረቃው ይቀጥላል። ሥዕሉ የተጽዕኖውን አቅጣጫ እንጂ መጠኑን አይናገርም፤ የትኛው ዑደት እንደሚያይል ለማወቅ ልኬት ያስፈልጋል።