እናት ያልታወቀችለት ልጅ፦ የፋሺስት የዘር ሕግና በሌላ ዘር ተቆጥሮ የመኖር ዋጋ



ከኮልፌ ቀራንዮ ወደ ምሥራቅ ተሻግረን አዲስ ከተማ ስንገባ የምናልፈው መስመር ዛሬ የክፍለ ከተማ ወሰን ብቻ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ ግን ነጩና «አገሬው» ተለያይተው እንዲኖሩ አቅዳ፣ የኢትዮጵያውያኑን ገበያና መኖሪያ ወደዚህ ወደ ምዕራቡ ወገን አዛወረች፤ መርካቶም አዲስ ከተማም የዚያ ዕቅድ ውላጆች ናቸው። ከተማ በዘር ሲከፈል አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፦ ከሁለቱም ወገን የተወለደው ሰው በየትኛው ይቆጠራል? የዛሬው ንግግሬ በዚሁ ላይ ነው። እንግሊዝኛው «ፓሲንግ» የሚለውን፣ ማለትም ሰው ከራሱ ሌላ በሆነ ዘር ተቆጥሮ መኖሩን፣ በዚያ ዘመን ሕግ በኩል እንመለከታለን። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

መነሻችን ለኤርትራና ለኢጣሊያ ሶማሊያ የወጣው የ1933 ሕግ ነው። ሁለቱም ወላጆቹ ያልታወቁ ልጅ፣ የአካሉ ገጽታ ሁለቱም ነጮች እንደነበሩ የሚያሳምን ከሆነ፣ የኢጣሊያ ዜጋ ተብሎ ይታወጅ ነበር። አንዱ ወላጅ ብቻ ያልታወቀ፣ ብዙውን ጊዜም አባቱ ያልታወቀ ልጅ ግን፣ ገጽታው ነጭ አባት እንዳለው ቢመሰክርለትም ዜግነት ለመጠየቅ 18 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ፣ በኢጣሊያ ትምህርትና ሥነ ምግባር መታነጹንም ማሳየት ነበረበት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከሁለቱ መንገዶች አጭሩ እናት ያልታወቀችለት ልጅ መንገድ ነው። መልኩ የቀላ ልጅ ያለ ብዙ ጥያቄ ያልፋል፤ የሚያልፈው ግን የወለደችው ሴት በመዝገብ ላይ ከሌለች ነው። ይህን ሕግ ባነበብሁ ቁጥር የሚከነክነኝ መልክን መመርመሩ ብቻ ሳይሆን ክፍያውን ከእናት መጠየቁ ነው።

በኢትዮጵያ ይህም በር አልተከፈተም። የ1936ቱ የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ሕግ ክልሶች ዜግነት የሚያገኙበትን ያን መንገድ አስቀረ። በሚያዝያ 1937 የወጣው ድንጋጌ ደግሞ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖረውን ኢጣሊያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ ሆነ። በግንቦት 1940 የወጣው ሕግ ነገሩን ዘጋው፦ ክልስ የአገሬው ወላጁን ደረጃ ይይዛል፤ ኢጣሊያዊው ወላጅ ልጄ ብሎ ሊያስመዘግበው፣ በቤተሰቡ ስም ሊያስጠራው አይችልም፤ የማሳደጉና የማስተማሩ ወጪም በአገሬው ወላጅ ብቻ ላይ ይወድቃል።

እስቲ በ1938 አዲስ አበባ ውስጥ ከኢጣሊያዊ ሾፌርና ከኢትዮጵያዊት የተወለደ አንድ ልጅ በሐሳባችን እንያዝ። በእናቱ አገር ልማድ ዘር የሚቆጠረው በአባት ስለሆነ፣ ጎረቤት «የጣሊያን ልጅ» ይለዋል። የታሪክ ተመራማሪዋ ጁሊያ ባሬራ በኤርትራ ባጠናችው መሠረት እናቶችም ልጆቻቸውን በአባት ዘር ይቆጥሩ ነበር። በአባቱ አገር ሕግ ግን ይኸው ልጅ አገሬው ነው። አንዱ ወገን ወደ ሌላው ይገፋዋል፤ ሁለቱም ስም አይሰጡትም። እኛ ዘንድ ደግሞ የአባት ስም ጌጥ አይደለም፤ ሰው ከራሱ ስም ቀጥሎ የሚጠራበት ነው። አባት የካደው ወይም መቀበል የተከለከለው ልጅ በእናቱ አባት ስም ቢጠራ፣ በወረቀት ላይ ለአያቱ ልጅ፣ ለእናቱም ወንድም ይሆናል። ይህም በሌላ ተቆጥሮ መኖር ነው፤ በዚህኛው መንገድ የሚሰወረው ግን አባት ነው።

ነገሩ የኢጣሊያ ብቻ አልነበረም። በ1962 ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስዱ፣ በአገራቸው የ1950ው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ይሠራ ነበር። ያ ሕግ መልክን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትን አስተያየትም ይመዝናል፦ መልኩ በግልጽ ነጭ የሆነ ሰው እንኳ፣ በአካባቢው እንደ ክልስ የሚታወቅ ከሆነ ነጭ አይባልም። ስለዚህ ነጭ ተብሎ የሚኖር ሰው ጠቆር ያለ ወንድሙ ሊጠይቀው በመጣ ቀን ሊጋለጥ ይችላል። ኢጣሊያኖቹ አካልን ሲጠይቁ ደቡብ አፍሪካ መንደሩን ጠየቀች፤ በሁለቱም ዘንድ መሸሸግ ያለበት ግን ዘመድ ነው።

ለእናንተ ለወጣት ተመራማሪዎች አንድ የሙያ ችግር ላንሣ። ዶሴ የሚተርፈው የተያዘው፣ የተከሰሰው፣ ማመልከቻው ውድቅ የሆነበት ሰው ነው። በሌላ ዘር ተቆጥሮ ኑሮው የተሳካለት ሰው ዶሴ የለውም፤ አለመኖሩ ራሱ የመሳካቱ ምልክት ነው። ስለዚህ ከፍርድ ቤት መዝገብ ብቻ ተነሥተን «እንዲህ ያሉት ጥቂት ነበሩ» ማለት አንችልም። የክርስትና ስም የተጻፈበትን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍን፣ ከሁሉም በላይ በዕድሜ ከገፉ ሰዎች የሚገኘውን ቃል አብረን ማየት አለብን። ያን ቃል ስትጠይቁም «አባትህ ማን ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ በስማቸው ሁለተኛ ቦታ ላይ የተጻፈው ሰው ምናቸው እንደሆነ ጠይቁና የሚሉትን አዳምጡ።