የስድስት ዓመቱ ሥራ የት ገባ? ሲቪን በማሽን የማንበብ አጭር ታሪክ

አንዲት አባላችን ለሂሳብ ሠራተኝነት በኢንተርኔት ስታመለክት ሲቪዋን ከጫነች በኋላ ቅጹ በራሱ ተሞላ። መለስ ብላ ስታየው ግን የሠራችበት ድርጅት ስም «ኤክሴል የጅምላ ንግድ» ይላል፤ የስልኳ ቦታም ባዶ ነው። ሲቪውን ቢሯችን አምጥታ አተምነው፤ ወረቀቱ ላይ ምንም እንከን የለበትም። ታዲያ ማሽኑ ምን አንብቦ ነው? መልሱን ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ ሄደን ማየት ነበረብን።

ማመልከቻን በማሽን ማንበብ በአሜሪካ የተጀመረው ሲቪ በወረቀት በሚላክበት ዘመን ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ሬዙሚክስ በዚህ ሥራ ከታወቁት ቀደምት ድርጅቶች አንዱ ነበር። ወረቀቱ በስካነር ይነሳል፤ ኮምፒውተሩ የፊደላቱን ቅርጽ ለይቶ ወደ ጽሑፍ ይቀይራል፤ ከዚያ ስም፣ ትምህርትና የሥራ ልምድ እየተለየ ይመዘገባል። የዚያን ጊዜ አመልካቾች በነጭ ወረቀት ጻፉ፣ ወረቀቱን አትጠፉ፣ መስመርና ጥላ አታድርጉ፣ ጽሑፉንም በሁለት ዓምድ አትክፈሉ ይባሉ ነበር።

ወረቀቱ ሲቀር ችግሩም አብሮ መቅረት ነበረበት። አልቀረም። ምክንያቱ አዶቤ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፒዲኤፍ የተሠራበት ዓላማ ነው። ዓላማው አንድ ገጽ በየትኛውም ኮምፒውተርና ማተሚያ ላይ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ እንዲወጣ ነበር። ስለዚህ ፋይሉ በውስጡ የሚይዘው በዋናነት «ይህን ፊደል ከገጹ ጠርዝ ይህን ያህል ርቀት ላይ አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ላይናገር ይችላል። ለእኛ ሰንጠረዥ የሚመስለን ነገርም ለፋይሉ ጥቂት መስመሮችና በየቦታቸው የተበተኑ ፊደላት ብቻ ነው። የንባብ ቅደም ተከተልን የሚያመለክት ምልክት በፋይሉ ውስጥ ማስገባት በ2001 እ.ኤ.አ. ቢቻልም፣ ብዙ ፋይል ዛሬም ያለዚያ ምልክት ይዘጋጃል።

እኛ የሂሳብ ሠራተኞች ይህ ቶሎ ይገባናል። መዝገባችን ላይ 5,000 የሚለው ቁጥር ትርጉም የሚኖረው በዴቢት ወይም በክሬዲት ዓምድ ስለተቀመጠ ነው። ዓምዱን ካጠፋችሁት ቁጥሩ ይቀራል፤ ትርጉሙ ይሄዳል።

የአባላችን ሲቪ በግራ ዓምድ ችሎታዋን፣ በቀኝ ዓምድ የሥራ ልምዷን የያዘ ነበር። ዓምድ መኖሩን ያልለየ ማሽን ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ በአንድ ትንፋሽ ያነባል። ያነበበው በአማርኛ ቢጻፍ ይህን ይመስላል፦

ችሎታ የሥራ ልምድ
ፒችትሪ ሂሳብ ሠራተኛ
ኤክሴል የጅምላ ንግድ
እንግሊዝኛ ከ2017 እስከ 2023

ኤክሴል የድርጅት ስም ሆነ። ስድስቱ ዓመታት ደግሞ ከእንግሊዝኛ ጋር ተጣበቁና የሥራ ልምድ መሆናቸው ቀረ። ቀጣሪው በሥርዓቱ ውስጥ «አምስት ዓመት የሠራች» ብሎ ቢፈልግ እሷ አትወጣም ማለት ነው።

ስልኳ የጠፋው በሌላ ምክንያት ነው። ሲቪውን መጀመሪያ በዎርድ ስታዘጋጅ ስልኳን የጻፈችው በገጹ ራስጌ ውስጥ ነበር። ዎርድ ራስጌን ከዋናው ጽሑፍ ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ አንዳንድ አንባቢ ማሽኖችም ዋናውን ብቻ አንብበው ያልፋሉ። የኤክሴል ችሎታዋን ለማሳየት ያስገባቻቸው አምስት ክቦች ደግሞ ሥዕል ስለሆኑ ለማሽኑ ምንም አይነግሩትም።

ሁሉም ሥርዓት አንድ አይደለም። ዓምድ ለይተው በትክክል የሚያነቡ አሉ፤ ብዙ ቀጣሪዎችም ዋናውን ፋይል ከፍተው በዓይናቸው ያያሉ። አመልካቿ ግን የትኛው እንደሚገጥማት አታውቅም።

ስለዚህ ከመላክ በፊት እንዲህ እንፈትሽ። ፋይሉን ከፍተን Ctrl+A ከዚያ Ctrl+C እንጫን፤ ባዶ ኖትፓድ ላይ ደግሞ Ctrl+V። የሚወጣው ጽሑፍ ከተደባለቀ ወይም የጎደለ ነገር ካለ ማሽኑም እንዲሁ ሊያገኘው ይችላል። ምንም ካልወጣ ሲቪው እንዳለ ሥዕል ሊሆን ይችላል። በኖትፓድ ላይ ደህና ቢወጣም እንኳ በራሱ የተሞላውን ቅጽ መስመር በመስመር ሳናይ አንላክ።

የአባላችንን ሲቪ በአንድ ዓምድ መልሰን ጻፍነው። ስልኩን ከስሟ ሥር አወረድነው፤ የሥራ መደቡን፣ ድርጅቱንና ዓመቱን አከታትለን አስቀመጥን፤ ክቦቹን ትተን በኤክሴል ምን እንደምትሠራ በቃላት ገለጽን። እንደገና ስትጭነው ስድስቱም ዓመታት በቦታቸው ገቡ። የቀጣሪውን መልስ ገና እየጠበቅን ነው።